ከጨረታ ሰነድ ፊት የሚቀመጠው ሸኚ ደብዳቤ

ሸኚ ደብዳቤ አንድ ሥራ ተቋራጭ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነድ ሲያስገባ ከሁሉ በላይ የሚያስቀምጠው ወረቀት ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ከሥሩ የንግድ ፈቃዱ፣ የተቋራጭነት ደረጃ ምስክር ወረቀቱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የታክስ ክሊራንሱ፣ የባለሙያዎችና የማሽነሪ ዝርዝሩ፣ በመጨረሻም የሥራ ዝርዝሩ ከነዋጋው ይከተላሉ። በአነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ ይህ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ሳጥኑ ሊዘጋ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ያለፈው ጨረታ ደብዳቤ ይወጣና ቀኑና የመሥሪያ ቤቱ ስም ተቀይሮ ይታተማል። ይሁንና ሌሎቹ ሰነዶች ድርጅቱ ማን እንደሆነ ሲያስረዱ፣ በስንት ብርና በስንት ቀን ሠርቶ ለማስረከብ ቃል እንደሚገባ የሚናገረው ይኸው አንድ ገጽ ነው።

ቃሉም ያስራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ውል ለመዋዋል ሐሳብ ሲያቀርብና ለመልሱ ጊዜ ሲወስን፣ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ እንደሚገደድ ይደነግጋል። በጨረታ ላይ ይህን ሐሳብ የሚያቀርበው ተጫራቹ ነው። ስለዚህ «በዚህ ዋጋ እሠራለሁ፤ ዋጋዬም ለ90 ቀን ይጸናል» ብሎ የፈረመ ተቋራጭ በ40ኛው ቀን ሲሚንቶ ተወደደብኝ ብሎ ሊመለስ አይችልም። ከተመለሰ ያስያዘው የጨረታ ማስከበሪያ ይወረሳል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። አብዛኛው የጨረታ ሰነድ በውስጡ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ የመጫረቻ ማቅረቢያ ቅጽ አለው። ቅጹ ክፍት ቦታዎችን ብቻ የሚያስሞላ ሲሆን፣ ተጫራቹ የቅጹን ቃል መቀየር አይፈቀድለትም። ቅጽ የሌለው ሰነድ ሲያጋጥም፣ በተለይም በወረዳና በከተማ አስተዳደር ደረጃ በሚወጡ አነስተኛ ሥራዎች ላይ፣ ድርጅቱ በራሱ ማኅተም ባለበት ወረቀት ይጽፋል። ቅጹ እያለ የራስን ደብዳቤ ብቻ ማስገባት ከውድድር ሊያስወጣ ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ችግሩ የሚመጣው አንዱ ከሌላው ሲቃረን ነው። ቅጹ 120 ቀን ግንባታ ካለና ደብዳቤው 150 ቀን ካለ፣ ገምጋሚው ኮሚቴ የትኛውን እንደሚይዝ ተጫራቹ የሚወስንበት መንገድ የለም። ቅጽ ካለ ደብዳቤው ቁጥር ባይደግምና የተያያዙትን ሰነዶች ብቻ ቢዘረዝር ይሻላል።

የደብዳቤው አናት ብዙ አያከራክርም። የድርጅቱ የወጪ ቁጥርና ቀን፣ የመሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስም በጨረታ ማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው፣ የጨረታው መለያ ቁጥር፣ ሥራው በሎት የተከፈለ ከሆነ ደግሞ የሎቱ ቁጥር በ«ጉዳዩ» መስመር ላይ ይገባሉ። ሎት 2ን የሚወዳደር ድርጅት ሎቱን ሳይጠቅስ ቢቀር ዋጋው ከየትኛው ሥራ ጋር እንደሚነጻጸር አይታወቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ዋጋ አለው።

ዋጋው ተጫራቾች ባሉበት ይነበባል። ማስታወቂያው «ሳጥኑ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ታሽጎ 4፡30 ይከፈታል» ሲል፣ በዚያ ሰዓት የተጫራቹ ስም፣ የቀረበው ዋጋ፣ ቅናሽ ካለ ቅናሹ፣ የጨረታ ማስከበሪያ መኖሩና አለመኖሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በቃለ ጉባኤም ይያዛል። በፌዴራሉ መደበኛ የጨረታ ሰነድ መሠረት በመክፈቻው ላይ ያልተነበበ ቅናሽ በግምገማ ውስጥ አይገባም። ቅናሹን በሥራ ዝርዝሩ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ በእስክሪብቶ የጻፈ ተጫራች፣ አንባቢው ያንን ገጽ ካልገለጠ፣ የቀነሰውን ገንዘብ እንዳልቀነሰ ይቆጠርበታል። ቅናሽ በደብዳቤው ወይም በቅጹ ላይ፣ ከዋጋው ቀጥሎ፣ ራሱን በቻለ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። በመክፈቻው ዕለትም የድርጅቱ ወኪል ተገኝቶ ቅናሹ መነበቡን ማዳመጥ አለበት፤ ሳይነበብ ከቀረም እዚያው እጁን አንሥቶ ማስነበብ ይኖርበታል።

ቅናሹ እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አነስተኛ ተቋራጭ አራት መማሪያ ክፍል ያለው ብሎክ ለመሥራት ተጫረተ እንበል። ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት ያለው ዋጋ 8,600,000 ብር ነው። 15 በመቶው ታክስ 1,290,000 ብር ሲሆን ድምሩ 9,890,000 ብር ይሆናል። ባለቤቱ ማታ ከተቀናቃኞቹ በታች ለመውረድ አስቦ በደብዳቤው ላይ «ከጠቅላላ ዋጋችን ላይ 200,000 ብር ቅናሽ አድርገናል» የሚል መስመር ጨመረ። ሌላው ተጫራች ታክስን ጨምሮ ያቀረበው 9,675,000 ብር ነው።

«ጠቅላላ ዋጋ» የተባለው የትኛው ነው? ቅናሹ ከታክስ በፊት ካለው ዋጋ ላይ ከተነሣ 8,400,000 ብር ይቀራል፤ ታክሱ ሲጨመርበት 9,660,000 ብር ይሆንና ይህ ተቋራጭ ያሸንፋል። ታክስን ከጨመረው ድምር ላይ ከተነሣ ግን 9,690,000 ብር ይሆንና ይሸነፋል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት 30,000 ብር ነው፤ እሱም በ200,000 ብር ላይ ከሚታሰበው 15 በመቶ ታክስ የመጣ ነው። ኮሚቴው ማብራሪያ ሊጠይቅ ይችላል፣ ነገር ግን ማብራሪያ የቀረበውን ዋጋ መለወጫ ሊሆን አይፈቀድም። የሌሎቹ ዋጋ ከተነበበ በኋላ ተጫራቹ የሚጠቅመውን ንባብ ቢመርጥ ተቀናቃኙ ቅሬታ የሚያቀርብበት በቂ ምክንያት ያገኛል።

ደብዳቤው «ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት ካለው ዋጋ ላይ 200,000 ብር» ቢል ኖሮ ጥያቄው አይነሣም ነበር። ከዚህም የሚሻለው ቅናሹን በመቶኛ መጻፍ ነው። 2.5 በመቶ ቅናሽ ከታክስ በፊትም ተነሣ ከታክስ በኋላ ውጤቱ አንድ ነው፤ በዚህ ምሳሌ በሁለቱም መንገድ 9,642,750 ብር ይመጣል። መቶኛው ሌላም ጥቅም አለው። የግንባታ ክፍያ የሚፈጸመው በየጊዜው በተለካው የሥራ መጠን ልክ፣ መጠኑ በነጠላ ዋጋ ተባዝቶ ነው። ቅናሹ በየነጠላ ዋጋው ላይ ካልተከፋፈለ፣ አማካሪው መሐንዲስ ከየክፍያ ሰርተፊኬቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ አያውቅም። 200,000 ብር በ8,600,000 ብር ላይ 2.33 በመቶ ገደማ ስለሆነ ውሎ አድሮ ወደ መቶኛ መለወጡ አይቀርም። «በሥራ ዝርዝሩ ባሉት ነጠላ ዋጋዎች ሁሉ ላይ 2.5 በመቶ ቅናሽ አድርገናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በመክፈቻው ቀንም በክፍያ ቀንም ያው ነው።

ተከልክሎ እያለ አሁንም የሚጻፍ አንድ ሌላ የቅናሽ ዓይነት አለ፤ «ከዝቅተኛው ተጫራች ዋጋ 1 በመቶ ቀንሰን እንሠራለን» የሚለው ነው። ይህ ራሱን የቻለ ዋጋ ስላልሆነ ውድድሩን ያፈርሰዋል፤ ሁለት ተጫራቾች እንዲህ ቢጽፉ ማንኛቸውም ዋጋ የላቸውም። በጋዜጣ የሚወጡ የጨረታ ማስታወቂያዎች በሌላ ተወዳዳሪ ዋጋ ላይ ተንተርሶ ዋጋ ማቅረብ እንደማይቻል ደጋግመው የሚያሳስቡት በዚህ ምክንያት ነው።

በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ድምርም የመጨረሻው ቃል ላይሆን ይችላል። ኮሚቴው የሥራ ዝርዝሩን መስመር በመስመር እንደገና ያባዛል፣ ይደምራል። ነጠላ ዋጋው በመጠኑ ሲባዛ ከመስመሩ ድምር ጋር ካልተስማማ፣ በነጠላ ዋጋው ላይ ነጥቡ በግልጽ ያለቦታው ካልገባ በስተቀር፣ ነጠላ ዋጋው ይጸናል። በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ከተለያየ በፊደል የተጻፈው ይጸናል። ከላይ ባለው ምሳሌ ተቋራጩ ለብሎኬት ግድግዳ 412 ካሬ ሜትር በ1,350 ብር ሞልቷል እንበል። ትክክለኛው ብዜት 556,200 ብር ሲሆን፣ የጻፈው ግን ተሳስቶ 547,200 ነው። እርማቱ 9,000 ብር ይጨምራል፤ ከነታክሱ 10,350 ብር። ቅናሹ ከታክስ በፊት መሆኑ በግልጽ ተጽፎ 9,660,000 ብር ላይ ቢቆም እንኳ ከእርማቱ በኋላ 9,670,350 ብር ይሆናል፤ ከሁለተኛው ተጫራች ጋር ያለው ልዩነት ከ15,000 ብር ወደ 4,650 ብር ይወርዳል። ስሕተቱ ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ ሥራው በሌላው እጅ ይገባ ነበር። አሸናፊው እርማቱን አልቀበልም ካለ ደግሞ ከውድድር ይወጣል፣ ማስከበሪያውንም ያጣል። ስለዚህ ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ከድርጅቱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ዝርዝሩን መደመር ይኖርባቸዋል። ድምሩም በአኃዝና በፊደል ሲጻፍ ሁለቱን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብና ሌላው ቢከታተል ብዙ አደጋ ይቀራል።

ከዋጋው ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው፤ በደብዳቤው ውስጥም ሁለት የተለያዩ ጊዜያት አሉ። አንደኛው ግንባታው የሚጠናቀቅበት ነው፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ ማለትም ሳይት ከተረከቡበት ወይስ ውል ከተፈረመበት፣ የጨረታ ሰነዱ የሚለውን ተከትሎ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበት ነው። እዚህ ላይ የቀን ቆጠራ ስሕተት ብዙ ድርጅቶችን ጥሏል። የፌዴራሉ መደበኛ ሰነድ የጨረታ ማስከበሪያው ከዋጋው መጽኛ በ28 ቀን እንዲበልጥ ይጠይቃል። ሳጥኑ ጥቅምት 20 ቢዘጋና ዋጋው ለ90 ቀን ቢጸና፣ ወሮቹ ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ቆጠራው ጥር 20 ላይ ያርፋል፤ የባንክ ዋስትናው ደግሞ እስከ የካቲት 18 ሊቆይ ይገባል። ሳጥኑ ሐምሌ 10 ሲዘጋ ግን ጳጉሜን መሐል ትገባለች፤ ያኔ 90ኛው ቀን ጥቅምት 10 ሳይሆን ጥቅምት 5 ነው፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ጥቅምት 4። የባንክ ዋስትና ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ደብዳቤውና ዋስትናው የሚናገሩት ቀን መመሳሰሉን በሁለቱም አቆጣጠር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ያጠረ ዋስትና በአንዳንድ መሥሪያ ቤት በቸርነት ሲታለፍ በሌላው ያስወጣል፤ በቸርነት ላይ መመካት አይገባም።

የማስከበሪያው ዓይነትና ቁጥርም በደብዳቤው ቢጠቀስ ጥሩ ነው፤ ሲፒኦ ከሆነ የባንኩ ስም፣ ቁጥሩና የገንዘቡ መጠን። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት፣ ማስታወቂያው ከፈቀደ፣ በሲፒኦ ፋንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ያመጣሉ። የዚህ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሳይጠቀስ ከሌላ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ሲቀር፣ ዋስትና አላስያዙም ተብሎ የሚነበብበት ጊዜ አለ።

ከዋጋ ስሕተት ይልቅ ሳይታወቅ ጨረታን የሚገድለው ግን ቅድመ ሁኔታ ነው። ተቋራጩ በቅን ልብ፣ ነገ እንዳይጨቃጨቅ ብሎ፣ «ቅድሚያ ክፍያ 30 በመቶ ከተሰጠን ሥራውን በ20 ቀን ውስጥ እንጀምራለን» ይላል፤ ወይም «ይህ ዋጋ የተሰላው በአሁኑ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ነው፤ ጭማሪ ካለ በዚያው ልክ ይስተካከላል» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ለማንም ሰው ምክንያታዊ ይመስላል። በጨረታ ላይ ግን ሌሎቹ ተጫራቾች የዋጋ ንረቱን አደጋ ተሸክመው ዋጋ ሲሞሉ፣ ይህ ድርጅት አደጋውን በመሥሪያ ቤቱ ላይ ጥሎ ስለሞላ ዋጋዎቹ የሚነጻጸሩ አይደሉም። ኮሚቴው ከሰነዱ መሠረታዊ ነጥቦች የወጣ መጫረቻ ብሎ ይጥለዋል፤ ተጫራቹ በኋላ ሁኔታውን አንሥቻለሁ ቢልም አይድንም።

እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። በደብዳቤው ውስጥ «ከሆነ»፣ «ከተሰጠን»፣ «እስካልተለወጠ ድረስ»፣ «በስተቀር» የሚሉ ቃላትን መፈለግ ነው። ከእነዚህ አንዱ በተገኘበት ሁሉ ድርጅቱ የሰጠውን ቃል በከፊል መልሶ እየወሰደ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሥጋቱ እውነተኛ ከሆነ ቦታው ሌላ ነው። የቅድሚያ ክፍያም ሆነ የዋጋ ማስተካከያ የሚገዛው በውሉ ሁኔታዎች ነው፤ አንቀጾቹ ግልጽ ካልሆኑ ሰነዱ በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማብራሪያ ይጠየቃል፣ መልሱም ሰነድ ለገዙት ሁሉ ይደርሳል። መልሱ ካላረካ ሥጋቱ በነጠላ ዋጋው ውስጥ ይገባል፣ ወይም ጨረታው ይተዋል። በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው «የጨረታ ሰነዱንና የተሰጡትን ማብራሪያዎች መርምረን፣ የሥራውን ቦታ አይተን፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ተቀብለናል» የሚለው ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚጽፍ ድርጅት ቦታውን በእርግጥ ሊያየው ይገባል። ድንጋያማ መሬት ላይ የሚቆፈር መሠረትና ጥቁር አፈር ላይ የሚቆፈር መሠረት በአንድ ዋጋ አይሠሩም፤ አላየሁትም ነበር የሚል ምክንያት ደግሞ ይህንን ዐረፍተ ነገር ከፈረሙ በኋላ አይሰማም።

ደብዳቤው የሚገባበት ፖስታም ዕጣውን ይወስናል። የቴክኒክና የፋይናንስ ሰነድ በየራሱ ፖስታ ታሽጎ እንዲቀርብ በሚጠየቅበት ጨረታ፣ የቴክኒኩ ፖስታ መጀመሪያ ተከፍቶ ይገመገማል፤ ፋይናንሱ የሚከፈተው ላለፉት ብቻ ነው። ዋጋ የተጻፈበት ሸኚ ደብዳቤ በቴክኒክ ፖስታ ከተገኘ ዋጋው ያለጊዜው ስለተገለጠ ድርጅቱ ሊሰረዝ ይችላል። መፍትሔው ሁለት ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ለቴክኒኩ ዋጋ የሌለበት፣ ለፋይናንሱ ዋጋና ቅናሽ ያለበት። ኦርጅናልና ኮፒ ሲጠየቅም ደብዳቤው በሁለቱም ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ ሲለያዩ ኦርጅናሉ ይጸናል።

ፊርማው የሥራ አስኪያጁ ወይም ሕጋዊ ውክልና የተሰጠው ሰው መሆን አለበት፤ ተወካይ ከፈረመ የውክልናው ቅጂ ይያያዛል። ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማና የድርጅቱ ማኅተም በአንድ ላይ ይቀመጣሉ። ስርዝ ድልዝ ካለ አጠገቡ ፈራሚው ይፈርምበታል፤ በፍሉድ የተደመሰሰ ዋጋ ግን ፊርማ ቢኖረውም ጥርጣሬ ስለሚያስነሣ ገጹን እንደገና ማተም ይመረጣል።

በምሳሌው ያለው ተቋራጭ ደብዳቤውን በሚከተለው መንገድ ቢጽፈው ኖሮ የሚያከራክር ነገር ባልተወም ነበር።

«ጉዳዩ፦ ባለ አራት መማሪያ ክፍል ብሎክ ግንባታ ሎት 2 የፋይናንስ መጫረቻ ስለማቅረብ። የጨረታ ሰነዱንና የተሰጡትን ማብራሪያዎች መርምረን፣ የሥራውን ቦታ ተመልክተን፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ተቀብለናል። ሥራውን ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት በብር 8,600,000 (ስምንት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ) ሠርተን ለማስረከብ እናቀርባለን። በሥራ ዝርዝሩ ባሉት ነጠላ ዋጋዎች ሁሉ ላይ 2.5 (ሁለት ነጥብ አምስት) በመቶ ቅናሽ አድርገናል። ከቅናሹ በኋላ ዋጋችን ከታክስ በፊት ብር 8,385,000፣ ከ15 በመቶ ታክስ ጋር ብር 9,642,750 ነው። ሥራውን ሳይት ከተረከብንበት ቀን ጀምሮ በ150 ቀናት እናጠናቅቃለን። ይህ መጫረቻ ጨረታው ከሚዘጋበት ቀን ጀምሮ ለ90 ቀናት የጸና ነው። ከሰላምታ ጋር።»

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ በመሆኑ በዚያ የሚወዳደር ድርጅት ፖስታና ሰም አያስፈልገውም፤ ማቅረቢያ ቅጹን በኮምፒዩተር ይሞላል። የቅጹ ይዘት ግን ያው ዋጋ፣ ያው ቅናሽ፣ ያው የመጽኛ ጊዜ ነው፤ በተያያዘ ፋይል ውስጥ የተደበቀ ቅድመ ሁኔታም በወረቀት ላይ እንደተጻፈው ሁሉ ይቆጠራል።

ስሕተት ከማስገባት በኋላ የታየው ድርጅት አንድ ዕድል አለው። ሳጥኑ እስኪዘጋ ድረስ «ማሻሻያ» ወይም «ምትክ» ተብሎ በላዩ የተጻፈበት፣ እንደ መጀመሪያው የታሸገና የተፈረመ ፖስታ ማስገባት ይችላል፤ ኮሚቴውም ማሻሻያውን መክፈቻው ላይ ከዋናው ጋር ያነበዋል። ከ4፡00 ሰዓት በኋላ የመጣ ማሻሻያ ግን ሳይከፈት ለባለቤቱ ይመለሳል።